መልስ የሚያስገኝ ቀነ ገደብ

የአውደ ጥናት ግብዣ «መምጣትዎን ያሳውቁን» ብቻ ካለ፣ ተጋባዡ ነገ እመልሳለሁ ብሎ ይረሳዋል። ገደቡን ከምሳው ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። አውደ ጥናቱ ሰኞ ቢሆንና ሆቴሉ የተመጋቢውን ቁጥር ሐሙስ ቢፈልግ፣ «ሐሙስ የምሳ ቁጥር ስለምናስገባ እስከ ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ያሳውቁን» በሉ። ምክንያቱ ያልተነገረ ቀን የሚከበር አይመስልም። ረቡዕ ዝም ላሉት ትተርፋለች።

ያን ዕለት ጠዋት በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ በስሙ ጻፉ። «እስካሁን አልመለሱልንም» የሚል ወቀሳ ሰውን ያሸሻል። ይልቁንስ፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ ለሰኞው አውደ ጥናት ቦታ ይዘንልዎታል። ‹እመጣለሁ› ወይም ‹አይመቸኝም› ብለው ቢልኩልን ይበቃል። እስከ ዛሬ 11 ሰዓት ካልሰማን ቦታውን ለተጠባባቂ እንሰጣለን።» ብዙ ሰው ዝም የሚለው እምቢ ማለት ስለሚከብደው ነው፤ «አይመቸኝም» የሚለውን ቃል እናንተ ስታቀብሉት ይቀለዋል። በዕድሜ ለገፉት ግን መልእክት አይበቃም፤ ደውሉላቸው።