ዋጋ ሲቀንስ ሽያጩ ይጨምራል፤ ትርፉስ?

በገበያ መቀዝቀዝ ወቅት ከጅምላ ነጋዴ አፍ የሚሰማው የመጀመሪያው መፍትሔ «ዋጋ እንቀንስ» የሚል ነው። ይህ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ለመመለስ ደግሞ አብዛኛው ነጋዴ የሚያማክረው ጎረቤቱን ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በራሱ የሽያጭ መዝገብ ውስጥ ነው።

የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች የሚፈልጉት ቁጥር የፍላጎት መለጠጥ ወይም ኢላስቲሲቲ ይባላል። ዋጋ በአንድ በመቶ ሲለወጥ የሚሸጠው መጠን በስንት በመቶ እንደሚለወጥ ይናገራል። ቁጥሩ ከ1 ከበለጠ የዋጋ ቅናሽ ጠቅላላ ሽያጭን በብር ያሳድጋል፤ ከ1 ካነሰ ያሳንሳል።

ለምሳሌ አንድ የዱቄት ሳሙና አከፋፋይ እናስብ። ካርቶኑን በ1,100 ብር ሲሸጥ በሳምንት በአማካይ 340 ካርቶን ይሄድለታል። ባለፈው ጊዜ ለስድስት ሳምንታት ዋጋውን ወደ 1,000 ብር አውርዶ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 520 ካርቶን ተሸጠ። ለውጡን ከሁለቱ መጠኖች አማካይ ማለትም ከ430 አንፃር ብናሰላው ሽያጩ 41.9 በመቶ ጨምሯል። ዋጋው በተመሳሳይ ስሌት ከ1,050 አንፃር የቀነሰው 9.5 በመቶ ነው። ሲካፈል 4.4 ይመጣል። ይህን ያየ ነጋዴ ነገ ጠዋት ዋጋ ቢቀንስ አይፈረድበትም።

ሆኖም የቀሩት ሳምንታት ሌላ ይናገራሉ፤ 480፣ 350፣ 330፣ 350 እና 370። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቸርቻሪው ቅናሹን ሲሰማ የሚቀጥለውን ወር ሳሙና ጭምር አንስቶ መጋዘኑ አስገብቷል፤ ልብስ የሚያጥበው ሰው ግን በአንድ ሳምንት አልበዛም። የስድስቱ ሳምንታት አማካይ 400 ካርቶን ሲሆን፣ በዚህ ሲሰላ መጠኑ በ16.2 በመቶ አድጓል፤ ኢላስቲሲቲውም 1.7 ይሆናል። ቅናሹ ካበቃ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከ340 በታች ወርደው ከተገኙ ደግሞ እነርሱም አብረው መቆጠር አለባቸው፤ ቁጥሩም ከ1.7 ያንሳል።

ለጊዜው 1.7ን እንቀበል። ከ1 ስለሚበልጥ ገቢው ማደግ አለበት፤ አድጓልም። ሳምንታዊ ሽያጩ ከ374,000 ብር ወደ 400,000 ብር ከፍ ብሏል። አንዳንዱ ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል። ካርቶኑ ለአከፋፋዩ 800 ብር የሚቆምበት ከሆነ ግን ቀድሞ በካርቶን 300 ብር፣ በሳምንት 102,000 ብር ያተርፍ ነበር። ከቅናሹ በኋላ በካርቶን 200 ብር፣ በሳምንት 80,000 ብር ብቻ ሆነ። ብዙ ጭኖ፣ ብዙ አውርዶ፣ ብዙ ደረሰኝ ቆርጦ 22,000 ብር አጣ ማለት ነው። የቀድሞ ትርፉን ለማግኘት በሳምንት 510 ካርቶን መሸጥ ነበረበት፤ ከስድስቱ ሳምንታት ይህን ያለፈው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ይኸው ቅናሽ ወጪው ከ433 ብር በታች ለሆነ ሻጭ ያዋጣ ነበር። ለዚህም ነው ለአምራቹ የሚጠቅም ቅናሽ አከፋፋዩን የሚጎዳው። ወጪ ሲባልም ዕቃው ድሮ የገባበት ሳይሆን ዛሬ የሚተካበት ዋጋ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የሁለቱ ልዩነት ለአስመጪዎች ምን ያህል እንደሆነ መናገር አያሻም።

የብዙ ወራት መዝገብ በኮምፒውተር ያለው ሰው ዋጋውን በአንድ ዓምድ፣ መጠኑን በሌላው አስፍሮ በኤክሴል ይህን መጻፍ ይችላል፤

```
=SLOPE(LN(B2:B53),LN(A2:A53))
```

እዚህ ላይ A ዋጋ፣ B መጠን ነው። ውጤቱ ራሱ ኢላስቲሲቲው ሲሆን በጤናማ መዝገብ ላይ ምልክቱ ኔጌቲቭ ይሆናል። ፖዘቲቭ ከመጣ፣ ዋጋ ሲጨምር ገዢ በዛ ማለት ነውና መዝገቡ ሌላ ነገር እየለካ ነው። ቅቤ ነጋዴ በዐቢይ ጾምና በፋሲካ ሰሞን ያለውን መዝገብ ቢያስገባ የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ በጾም ገዢውም ዋጋውም ይወርዳሉ፣ በበዓል ሁለቱም ይወጣሉ። ስለዚህ ጾምን ከጾም፣ ፍስክን ከፍስክ ማነጻጸር ይገባል። ዕቃ ያለቀበት ሳምንትም ይወጣል፤ በዚያ ሳምንት የተመዘገበው የመጋዘኑ አቅም እንጂ የገዢው ፍላጎት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በሁለት ዋጋ ብቻ የሸጠ ሰው ደግሞ 52 ረድፍ ቢኖረውም በተግባር የያዘው ሁለት ነጥብ ነው።

አንድ ሁኔታ ብቻ ስሌቱን ይገለብጠዋል። ዕቃው የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበና ዳግም የማይመጣ ከሆነ የሚተካበት ወጪ የለም፤ ያን ጊዜ 800 ብሩ ከሒሳቡ ይወጣና ገቢው ብቻ ይታያል፤ 1,000 ብር ከ1,100 ይሻላል።