ስምንት ሰዓት የቱ ነው?

ከዋሽንግተን ለገና የሚመጣ ቤተሰብ አዲስ አበባ ላለ የእንግዳ ማረፊያ ኢሜይል ይጽፋል እንበል። «ዲሴምበር 28 ተነሥተን 8:15 እንደርሳለን፤ መኪና ላኩልን» ይላል። እዚህች አጭር መልእክት ውስጥ ሁለት ወጥመድ አለ። ረጅሙ በረራ ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ነው፤ ሾፌሩ ደግሞ 8:15ን ከቀትር በኋላ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። እንግዶቹ ግን ከነሻንጣቸው በር ላይ የሚቆሙት በጠዋት ነው። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ቦሌ የምንደርሰው ዲሴምበር 29፣ ማለትም ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:15 ነው።» የበረራ ቁጥሩና የሻንጣው ብዛትም ይጨመር፤ ስምንት ትልልቅ ሻንጣ በትንሽ መኪና አይጫንም።

«የቤተሰብ ክፍል» የሚለው ስም ብዙ አይነግርም። አንዱ ቤት ሦስት አልጋ ያለው ክፍል፣ ሌላው በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ማለቱ ሊሆን ይችላል። የልጆቹን ዕድሜ ጽፎ የአልጋውን ቁጥር መጠየቅ ነው።

ምግቡ ይበልጥ ዝርዝር ይፈልጋል። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም ገና አልተፈታም። «የጾም ምግብ አላችሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ «አዎ» ነው፤ ሌላ ምንም አይታወቅም። እናትየው እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ከአልጋው ጋር የተከፈለበት ቁርስ አይጠቅማትም፤ በምሳ ይቀየርላት እንደሆነ ትጠይቅ። አባትየው በጾም ዓሣ ይበላ ይሆናል፣ እሷ አትበላም፤ ይህም ይጻፍ። ለማይጾሙት ልጆች እንቁላልና ወተት ያስፈልጋል። እንቁላል የተጠበሰበት መጥበሻ ለጾሙ ምግብ እንዳይውል ማሳሰብም ነውር የለውም።