የጫት ሀራራ በተወው ሰው ላይ ለምን ይመለሳል?

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜና ሺንሺቾ ባሉት ከተሞች፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ጫት የሚቃምበት የታወቀ ሰዓት አለ። ቃሚዎች “ሀራራ” የሚሉት ስሜት የሚመጣውም በዚሁ ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ማዛጋት፣ መነጫነጭና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይከተላል፤ ባለጉዳይም ደጅ ላይ ይጠብቃል። ጫትን ለወራት ትቶ የቆየ ሠራተኛ እንደገና ሲጀምር አለቃውም ቤተሰቡም ነገሩን ከባሕርይ ድክመት ወይም ከቃል አባይነት ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ የአንጎል ጥናት የሚሰጠው ማብራሪያ ከዚህ የተለየ ነው።

ጫት የሚያነቃቃው በውስጡ ባለው ካቲኖን በተባለ ንጥረ ነገር አማካይነት ነው። ካቲኖን በኬሚካላዊ አሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ሲሆን፣ ቅጠሉ እየደረቀ በሄደ ቁጥር ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ ውኃ የሚያርከፈክፍበት፣ ጫት የጫነው መኪናም የሚበርበት ምክንያት ይኸው ነው። ወደ ደም የገባው ካቲኖን በመሃል አንጎል የሚገኙ ሴሎች ዶፓሚን የተባለውን መልእክተኛ አብዝተው እንዲለቁ ያደርጋል። ይህ መልእክተኛ ለረጅም ዘመን “የደስታ ኬሚካል” ሲባል ቢቆይም ስያሜው ትክክል አይደለም።

ስያሜው ትክክል አለመሆኑ የታወቀው በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ነው። ቮልፍራም ሹልትስ የተባሉት ተመራማሪ በስዊዘርላንድ ለዝንጀሮዎች ጭማቂ እየሰጡ የዶፓሚን ሴሎችን ሲከታተሉ፣ ሴሎቹ በመጀመሪያ የሚነቃቁት ጭማቂው አፍ ሲደርስ ነበር። ከጭማቂው በፊት መብራት እየበራ ሲለመድ ግን ሴሎቹ ለጭማቂው ዝም ብለው ለመብራቱ መነቃቃት ጀመሩ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ወረደ። በሌላ በኩል በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን፣ ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦች ስኳር ምላሳቸው ላይ ሲደረግ እንደ ወትሮው እንደሚያጣጥሙ፣ ራሳቸው ፈልገው ግን እንደማይሄዱ አሳዩ። ከዚህም መውደድና መፈለግ በአንጎል ውስጥ የተለያዩ መሆናቸው ታወቀ። ዶፓሚን በዋናነት የፈላጊነት ኃይል ነው።

ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት ሐሳብ፣ አነቃቂ ነገር በተደጋጋሚ ሲወሰድ ይህ የፈላጊነት መንገድ ከመደንዘዝ ይልቅ እየሰላ ይሄዳል የሚል ነው። ደስታው በልማድ ይቀንሳል፣ ፍላጎቱ ግን ይጨምራል። የረጅም ጊዜ ቃሚ “ምርቃናው እንደ ድሮው አይደለም” እያለ በየቀኑ መግዛቱን የማይተወው ከዚህ ጋር ይስማማል። በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ጤነኛ ወጣቶች አምፌታሚን ሦስት ጊዜ ብቻ ከወሰዱ በኋላ አንድ ዓመት ቆይተው ያንኑ መጠን ሲሰጣቸው የለቀቁት ዶፓሚን ከመጀመሪያው ጊዜ በልጦ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በዚያው ክፍል ምንም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ሲሰጣቸው አንጎላቸው ዶፓሚን ለቋል። ክፍሉና ክኒኑ ብቻ በቂ ሆነው ነበር ማለት ነው። በሰው አንጎል ላይ የተገኘው ጠንካራ ማስረጃ በአብዛኛው ከአምፌታሚንና ከኮኬይን የመጣ መሆኑን ግን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። በጫት ላይ የተሠራው ጥቂት ነው።

ይህን ለማብራራት አንድ ሠራተኛ በምሳሌነት እንውሰድ። በሆሳዕና ከተማ ስድስት ዓመት የቃመ የመንግሥት ሠራተኛ ለሁለት ወር ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተላከ እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፉ ይታወካል፣ ዱካክ ይጫነዋል፣ ይነጫነጫል። ይህ የማቆም ሕመም ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚቆይና በቀናት ውስጥ እየበረደ የሚሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳይቅም፣ ብዙም ሳያስበው ያሳልፋል። “ተገላገልኩ” ብሎ ለቤቱ ሰው በስልክ ይናገራል፤ ውሸትም አልተናገረም። በተመለሰበት ዕለት መናኸሪያ ወርዶ ርጥቡን ኮባ ያያል፣ የደመወዝ መግባቱን የሚገልጽ የባንክ መልእክት ስልኩ ላይ ይደርሰዋል፣ ሰዓቱም ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ልቡ መምታት ይጀምራል፣ አፉ ይደርቃል፣ እግሩ ወደ ለመደው ሱቅ ያዘነብላል። ይህኛው ሀራራ ከሕመሙ የሚለየው በድንገት፣ በአንድ ሥፍራ ወይም ሰዓት ላይ መነሣቱና ካልተስተናገደ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላው መብረዱ ነው። ሆኖም ከወራት በኋላም ተመልሶ ሊነሣ ይችላል።

ቀስቃሹ ነገር ደግሞ እርስ በርሱ ይያያዛል። ምርቃናውን ለመስበር “ጨብሲ” ብሎ አረቄ ወይም ቢራ መጠጣት የለመደ ሰው፣ ጫት ለመጠጥ፣ መጠጥም ለጫት ምልክት ሆነው ያገለግሉታል። እንዲህ ያለው ሰው አንዱን ብቻ ለመተው ሲሞክር ሌላው መልሶ ይጠራዋል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥን በብሮድካስት ማስተዋወቅ ሲከለክል፣ ከቀስቃሾቹ አንዱን ከየቤቱ ሳሎን እንዳወጣ ሊቆጠር ይችላል። የጫት ምልክት ግን ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ መንገዱና ሰዓቱ ራሳቸው ያስተዋውቁታል።

የሥፍራ ለውጥ ምን ያህል እንደሚረዳ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በቬትናም ጦርነት ሄሮይን የለመዱ አሜሪካውያን ወታደሮች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሱሰኞች ሆነው ይቀጥላሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባሉት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ክትትል ግን፣ በቬትናም ሱስ ከያዛቸው መካከል በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከ20 አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። በአገራቸው ሄሮይን እንደ ቬትናም በርካሽ አለመገኘቱ አስተዋጽኦ ቢኖረውም፣ የለመዱትን አካባቢ ጥለው መምጣታቸው እንደ ትልቅ ምክንያት ይቆጠራል። የእኛ ሠራተኛ ግን የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር ነው።

ምልክቱን ያለ ጫት ደጋግሞ በማሳየት ትስስሩን ማድከም ይቻላል፤ ይህም በሕክምና ቤት ተሞክሯል። ችግሩ አንጎል የድሮውን ትምህርት የማይሰርዝ፣ አዲሱንም ከተማረበት ክፍል ጋር አያይዞ የሚያስቀምጥ መሆኑ ነው። በክሊኒክ ኮባ እያየ የተረጋጋ ሰው በመናኸሪያ ሊሸነፍ ይችላል። በጫት ሱስ ላይ ተፈትኖ የጸደቀ መድኃኒትም የለም። ስለዚህ ሕክምና ጨርሶ የመጣ ሠራተኛ የምሳ ሰዓቱ እንዲቀየርለት፣ ከሰዓት በኋላ ከባልደረባ ጋር እንዲመደብ ወይም ውሎ አበሉ በእጁ እንዳይሰጠው ቢጠይቅ፣ የሚጠይቀው ልዩ መብት አይደለም። ሀራራው የሚነሣባትን ያችን አንድ ሰዓት ባልተለመደ ሥፍራ ማሳለፍ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ወድቆ ቢገኝም አለቃው “ለምን ቃምህ?” ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የት፣ በስንት ሰዓትና ከማን ጋር እንደነበረ ቢጠይቀው የሚቀጥለውን ቀን መርሐ ግብር ለማውጣት የሚያግዝ መልስ ያገኛል።