ልጅ 17 ሲሞላ ሪፈንዱ ለምን ያንሳል?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሐበሻ ታክስ የምንሠራ ሰዎች እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ታዲያ ለምን አነሰ?» የ2024 ታክሱን ያሠራ አንድ ደንበኛዬ እንደ አምናው 4,000 ዶላር ሲጠብቅ 1,469 መጣለት። በስልክ ቁጥር ስለሚምታታ ጻፍሁለት። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጬ ደብዳቤውን አቀርበዋለሁ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ጉዳይ ነውና።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎ ደመወዝ 44,000፣ የባለቤትዎ 36,000፣ በድምሩ 80,000 ዶላር ነው። አንድ ላይ ታክስ ለሚያሠሩ ባልና ሚስት ሕጉ 29,200ውን አይነካም። በቀሪው 50,800 ላይ፣ የመጀመሪያው 23,200 በ10 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው በ12 ከመቶ ሲታሰብ 5,632 ዶላር ይመጣል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ከየቼካችሁ የቆረጡትን ስደምረውም ያው 5,632 ሆነ። ሥራ ስትጀምሩ በሞላችሁት ደብሊው-4 ላይ ሁለታችሁም «ነጠላ» የሚለውን ስለመረጣችሁ ቀጣሪዎቻችሁ ልኩን እየቆረጡ ነው።

እንግዲህ ከደመወዛችሁ በትርፍ የተቆረጠ፣ የሚመለስም የለም። አምና የወሰዱት 4,000 የሁለቱ ልጆች ክሬዲት ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው 2,000።

ትልቁ ልጅዎ ባለፈው ኖቬምበር 17 ዓመት ሞላው። ለዚህ ክሬዲት የሚታየው ልጁ ዲሴምበር 31 ቀን ያለው ዕድሜ ብቻ ነው። ከዓመቱ ብዙውን ወር 16 ዓመቱ ነበር ተብሎ ተካፍሎ አይሰጥም። ሕጉ ሲጠቅምም እንዲሁ ነው፤ ዲሴምበር 31 ማታ የተወለደ ሕፃን የዓመቱን ሙሉ ክሬዲት ያስገኛል። 17 የሞላው ግን 500 ብቻ ነው የሚያስገኘው። «አሁን እኮ ነው ወጪው የባሰው» ብለውኛል፤ እውነትዎን ነው፣ ግን ቅጹ ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም። በዚህ 1,500 ሄደ።

ሁለተኛው ቅዳሜና እሁድ የነዱት ኡበር ነው። የደረስዎ ወረቀት 14,600 ይላል። ያ ተሳፋሪው የከፈለው እንጂ እጅዎ የገባው አይደለምና ኩባንያው ያስቀረውን 4,100 ቀነስን። ለሥራው የነዱትን 9,000 ማይል በ67 ሳንቲም አባዝተን ደግሞ 6,030 ቀነስን። የቀረው 4,470 ነው።

ከዚህ ላይ ዓመቱን ሙሉ ማንም ምንም አልቆረጠም። በደመወዝ ሥራ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬርን ግማሹን እርስዎ፣ ግማሹን ቀጣሪዎ ይከፍላል። ኡበር ላይ ግን ቀጣሪውም ተቀጣሪውም እርስዎ ስለሆኑ ሁለቱም ድርሻ ከእርስዎ ኪስ ይወጣል፤ 632 ዶላር መጣ። ሕጉ የሚፈቅደው ሁሉ ተቀናንሶ የገቢ ታክሱ 399 ጨመረ። ድምሩ 1,031 ነው። ከ4,000 ላይ 1,500ና 1,031 ሲነሳ የቀረው 1,469 ይሆናል።»

ደብዳቤው እንደደረሰው ደወለ። «የቤንዚኑስ? የጎማውስ?» አለኝ። በማይል ያሠራ ሰው ቤንዚን፣ ጥገናና ኢንሹራንስ እንደገና መቀነስ አይችልም፤ 67 ሳንቲሟ ውስጥ ሁሉም አለ። ወይ በማይል ነው፣ ወይ በደረሰኝ። ማይሉም ቢሆን ቀኑ፣ የሄደበትና የሄደበት ምክንያት ተመዝግቦ ካልተገኘ አይ.አር.ኤስ በጠየቀ ጊዜ ይሰርዘዋል።

ቀጥሎ የመጣው የምፈራው ወሬ ነበር፤ አንድ ወዳጁ ሌላ ዘንድ አሠርቶ የ17 ዓመት ልጁን ጨምሮ ሙሉውን ወስዷል። ስህተት ከሆነ ተመላሽ ከነወለዱ ይጠየቃል። ደንቡን ችላ ብሎ እንደሆነ ከታመነበት ለሁለት ዓመት፣ ሆን ብሎ አጭበርብሮ ከሆነ ደግሞ ለ10 ዓመት ከልጅ ክሬዲት ይታገዳል። ፊርማው የባለ ታክሱ ስለሆነ የሚጠየቀው በመጀመሪያ እሱ ነው፤ ታክስ ሠሪው በዚያን ጊዜ ስልክ ላያነሳ ይችላል።

ለሚቀጥለው ዓመት የተነጋገርነው አጭር ነው። የትንሿ ልጅ ክሬዲት ለ2025 ወደ 2,200 ከፍ ብሏል። ትልቁ ኮሌጅ ሲገባ ከትምህርት ቤቱ የሚመጣውን የክፍያ ወረቀት እንዳይጥለው ነግሬዋለሁ፤ በዚያ በኩል እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ የትምህርት ክሬዲት አለ። ለኡበሩ ደግሞ አዲስ ደብሊው-4 ሞልቶ ከየሁለት ሳምንቱ ቼክ 40 ዶላር ተጨማሪ እንዲቆረጥለት ሐሳብ አቀረብሁ፤ 26 ቼክ ሲባዛ 1,040 ይሆናልና ታክሱን ይሸፍነዋል። እሱ ግን ብሩ በየሁለት ሳምንቱ እጁ ቢገባ መረጠ፤ ባንክ ሌላ አካውንት ከፍቶ ከየኡበር ክፍያው ላይ እያነሳ እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ።