የጀማሪ ዴቨሎፐር ሲቪ፦ ፕሮጀክትን በአጭር ነጥቦች መግለጽ

በጀማሪ ዴቨሎፐር ሲቪ ላይ ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ክፍል ፕሮጀክቶች የሚዘረዘሩበት ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ የሠራባቸውን ድርጅቶችና ዓመታት ይቆጥራል። ጀማሪው ግን በሥራ ልምድ ርእስ ሥር የሚያሰፍረው ጥቂት ስለሆነ፣ ኮድ መጻፍ መቻሉን የሚያሳየው በትምህርት ቤት፣ በሥልጠና ወይም በግሉ በሠራቸው ፕሮጀክቶች ነው። ይህን ክፍል ሁለት ዓይነት ሰዎች ያነቡታል። የመጀመሪያው የሰው ኃይል ሠራተኛ ሲሆን፣ ብዙ ሲቪዎችን እያገላበጠ በማስታወቂያው የተጠየቁት ቴክኖሎጂዎች መኖራቸውን ይመለከታል። ሁለተኛው የቴክኒክ ኃላፊው ነው፤ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎቹን የሚያወጣው ከዚያው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ በጨረፍታ የሚገባ፣ ሲጠየቁበትም በዝርዝር የሚመለስ መሆን ይኖርበታል።

የአንድ ፕሮጀክት ገለጻ በርእስ መስመር ይጀምራል። በዚህ መስመር የፕሮጀክቱ ስም፣ ምን እንደሚሠራ የሚናገር አጭር ሐረግ፣ የተሠራበት ጊዜ፣ ዋና ዋናዎቹ ቴክኖሎጂዎችና ኮዱ የሚገኝበት አድራሻ ይሰፍራሉ። ከሥሩ ከ2 እስከ 4 ነጥቦች ይከተላሉ፤ እያንዳንዳቸው ከሁለት መስመር ባያልፉ ይመረጣል። አንድ ነጥብ ለሦስት ጥያቄዎች ይመልሳል፦ አመልካቹ ራሱ ምን ሠራ? በምን ሠራው? ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ? በኢትዮጵያም የሶፍትዌር ሥራ ሲቪ በአብዛኛው የሚዘጋጀው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነጥቡ በኃላፊ ጊዜ ግሥ ይጀምራል። በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ ሦስቱ መልሶች መገኘት አለባቸው።

አሠራሩን ለማየት አንድ ለማብራሪያ የተሰናዳ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አራት ተማሪዎች ለመመረቂያቸው የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የሚገለገልበት የመጽሐፍ ውሰት መመዝገቢያ ሠሩ እንበል። ሥርዓቱ የተጻፈው በፓይተንና በጃንጎ ነው፤ መረጃው የሚቀመጠው በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ነው። ከአራቱ አንዷ ስትመረቅ በሲቪዋ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

- በቤተ መጻሕፍት አስተዳደር ሥርዓት ግንባታ ላይ ተሳትፌያለሁ።
- ፓይተን፣ ጃንጎ፣ ፖስትግሬስ፣ ጃቫስክሪፕት እና ጊት ተጠቅሜያለሁ።
- የቡድን ሥራ ክህሎቴን አዳብሬያለሁ።

በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ሐሰት የለም፤ ነገር ግን ሦስቱንም የቡድኑ አባላት በሙሉ ቃል በቃል ሊጽፏቸው ይችላሉ። አንባቢው አመልካቿ መግቢያ ገጹን ቀለም የቀባች ትሁን ዳታቤዙን የነደፈች የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ድርሻን መለየት

በቡድን በተሠራ ፕሮጀክት ላይ ቀዳሚው ሥራ የራስን ድርሻ ከሌላው መለየት ነው። ከወራት በኋላ ትዝታ ስለሚያሳስት የጊት ታሪክን መመልከት ይሻላል። ቀጣዩ ትእዛዝ እያንዳንዱ አባል ስንት ጊዜ ለውጥ እንዳስገባ ይዘረዝራል፤

```
git shortlog -sn --no-merges
```

ቁጥሩ የሥራውን መጠን አይለካም። አንዱ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ያስገባል፤ ሌላው ለእያንዳንዷ ፊደል ማረሚያ ለየብቻ ያስገባል። በሁለት የተለያዩ ስሞች የሠራ ሰውም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይታያል። የሚጠቅመው ቀጣዩ ደረጃ ነው፤ የራስን ለውጦች ብቻ አውጥቶ በየትኛው ፋይልና ክፍል ላይ እንደተሠራ ማንበብ ነው። ምሳሌያችን ውስጥ ያለችው ተመራቂ እንዲህ ስታደርግ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። የውሰትና የምላሽ ክፍሉን ከዳታቤዝ ሠንጠረዡ እስከ ገጹ ብቻዋን ሠርታለች። የመመለሻ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳየውን ኮድ ጽፋለች። የውሰት ዝርዝር ገጹ እጅግ ሲዘገይም ምክንያቱን አግኝታ አርማለች። መግቢያና የይለፍ ቃል፣ የመጻሕፍት ካታሎግና የገጾቹ ንድፍ የሌሎቹ ሥራ ስለሆኑ ከነጥቦቿ ይቀራሉ። በርእስ መስመሩ ላይ «የ4 ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ» የሚለው ሐረግ ከገባ በኋላ «እኔ» የሚለው ድርሻ በግልጽ ይለያል።

ቴክኖሎጂን ከሥራው ጋር ማያያዝ

የቴክኖሎጂ ስሞች በርእስ መስመሩ ላይ መዘርዘራቸው ለመጀመሪያው አንባቢ ይጠቅማል፤ አንዳንድ ድርጅቶችም ሲቪዎችን በሶፍትዌር ስለሚያጣሩ ስሞቹ በማስታወቂያው ላይ በሚጻፉበት መልክ መጻፍ አለባቸው። በነጥቦቹ ውስጥ ግን ስሙ መግባት ያለበት የሠራውን ሥራ ተከትሎ ብቻ ነው። «ፖስትግሬስ ተጠቅሜያለሁ» የሚለው መሣሪያው በቦታው እንደነበረ ብቻ ይናገራል። «አንድ የመጽሐፍ ቅጂ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ በፖስትግሬስ የልዩነት ገደብ አገድኩ» የሚለው ግን አመልካቿ ችግሩን አይታ፣ መፍትሔውን በገጹ ላይ ሳይሆን በዳታቤዙ ውስጥ ማስቀመጥ እንዳለባት እንዳወቀች ያሳያል። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቅጽበት ያንኑ ቅጂ ቢመዘግቡ በገጹ ላይ የሚደረግ ፍተሻ ሁለቱንም ሊያሳልፍ ይችላል፤ የዳታቤዝ ገደብ ግን አንዱን ይመልሳል። የቴክኒክ ኃላፊው የሚጠይቀውም ይህንኑ «ለምን እዚያ?» የሚለውን ነው።

ከዚህ አንድ መለኪያ ይገኛል፤ አመልካቹ አንድን ቴክኖሎጂ ለምን እንደመረጠና ምን እንዳደረገበት በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ስሙ ከነጥቡ መውጣት አለበት።

ውጤትን መለካት

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በውጤቱ ላይ ነው፤ ፕሮጀክታቸው ገቢ አላመጣም፣ ብዙ ተጠቃሚም የለውም። ሆኖም ከኮዱ ራሱ የሚለካ ውጤት አለ። የዘገየው የውሰት ዝርዝር ገጽ ጥሩ ማሳያ ነው። ገጹ 200 ውሰቶችን ያሳያል፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የመጽሐፉ ርእስና የተዋሹ ስም ይታያሉ። የመጀመሪያው ኮድ ውሰቶቹን በአንድ ጥያቄ ያመጣና ለእያንዳንዱ ረድፍ መጽሐፉንና ተዋሹን ለመፈለግ ሁለት ሁለት ጊዜ ወደ ዳታቤዙ ይመለሳል። 200 ረድፍ 400 ተጨማሪ ጥያቄ ያመጣል፤ በጠቅላላው 401 ይሆናል። ማረሚያው አንድ መስመር ነው፤

```python
loans = Loan.objects.select_related("book", "borrower")
```

በዚህ መስመር ጃንጎ ሦስቱን ሠንጠረዦች አጣምሮ ሁሉንም በ1 ጥያቄ ያመጣል። ለውጡን የጃንጎ ማረሚያ መሣሪያ የሆነው ዲበግ ቱልባር በገጹ ጎን ቆጥሮ ያሳያል። እዚህ ላይ ከሰከንድ ይልቅ የጥያቄዎቹ ብዛት ይሻላል። ሰከንዱ በኮምፒዩተሩ ፍጥነት ይለዋወጣል፤ መሣሪያው ራሱም ሲበራ ገጹን ያዘገየዋል። 401 ወደ 1 መውረዱን ግን ኮዱን ያወረደ ማንኛውም ሰው በራሱ ኮምፒዩተር ሊያረጋግጠው ይችላል። በመቶኛ መጻፉም አይመከርም፤ «99 በመቶ አሻሻልኩ» የሚል ነጥብ ከምን ወደ ምን እንደሆነ አይናገርም።

ቁጥር የማይወጣለት ሥራ ደግሞ በሚታይ ለውጥ ይገለጻል። የቀን አቆጣጠሩ ሥራ እንዲህ ያለ ነው። ጳጉሜን በአብዛኛው 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ስላላት፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. 6 ቀን ስለነበራት፣ በዓመቱ መጨረሻ የተዋሱት መጽሐፍ የመመለሻ ቀን በአንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል። ውጤቱ ይህ መዛነፍ መጥፋቱና መጥፋቱን የሚያረጋግጡ ቴስቶች መኖራቸው ነው። አፕሊኬሽኑ በኢንተርኔት ላይ ተጭኖ መከፈቱ፣ ወይም አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሞክሮ የጠየቀው ለውጥ መሠራቱም እንደዚሁ ውጤት ነው።

የተጠናቀቀው ገለጻ

ሦስቱ ሲጣመሩ የተመራቂዋ ገለጻ ይህን ይመስላል፦

የመጽሐፍ ውሰት መመዝገቢያ፣ ለኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፤ የ4 ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ። ፓይተን፣ ጃንጎ፣ ፖስትግሬስ።

- የውሰትና የምላሽ ክፍሉን ከዳታቤዝ እስከ ገጽ ብቻዬን ሠራሁ፤ አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ በፖስትግሬስ የልዩነት ገደብ አገድኩ።
- 200 ውሰት የሚያሳየውን ገጽ የዳታቤዝ ጥያቄዎች በጃንጎ `select_related` ከ401 ወደ 1 አወረድኩ።
- የመመለሻ ቀንን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ኮድ ጻፍኩ፤ 5 እና 6 ቀን ያላትን ጳጉሜን በቴስት አረጋገጥኩ።

«የቡድን ሥራ ክህሎት» የሚለው ነጥብ ወጥቷል፤ የቡድኑ መጠንና የድርሻዋ ወሰን ስለተጻፉ አብሮ መሥራቷ በዚያው ታይቷል። የነጥቦቹ ቅደም ተከተል እንደ ማስታወቂያው ይለዋወጣል። የዳታቤዝ ባለሙያ ለሚፈልግ ድርጅት የ401ዱ ነጥብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቴስት አጥብቆ ለሚጠይቅ የጳጉሜኑ ነጥብ ይቀድማል።

የሚበላሸው የት ነው?

ከሁሉ የከፋው ስህተት ያልተለካ ቁጥር ነው። በክፍል ውስጥ ብቻ የታየ ፕሮጀክት «10,000 ተጠቃሚዎችን ያስተናግዳል» ቢባል፣ ኃላፊው «እንዴት ለካችሁት?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ከሌለ የቀሩት እውነተኛ ነጥቦችም ይጠረጠራሉ። ቁጥር የሚጻፈው መሣሪያው፣ የሙከራው መረጃና የቀድሞው ሁኔታ ሲታወቁ ነው። የሙከራ መረጃ ከሆነም «በሙከራ መረጃ» ብሎ መጻፍ ያስከብራል።

ሁለተኛው ከሥልጠና ቪዲዮ እንዳለ የተቀዳ ፕሮጀክት ነው። የሥራ ዝርዝር መያዣን የመሰለ የልምምድ ሥራ በብዙ ጀማሪዎች ሲቪ ላይ ስለሚገኝ አንባቢው ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚጻፈው ከሥልጠናው ውጭ የተጨመረ ነገር ካለ ነው፤ ነጥቡም ስለተጨመረው ብቻ ይናገራል። ያላለቀ ፕሮጀክትም ሊገባ ይችላል፤ የሚሠራው ክፍል ብቻ ከተገለጸና «በሥራ ላይ» ከተባለ አያሳፍርም። በልምምድ ወቅት ለድርጅት የተጻፈ ኮድ ግን የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ያለፈቃድ አድራሻው አይሰጥም፤ ሥራው ሚስጥር ሳይወጣ በአጠቃላይ ይገለጻል።

ሲቪው ከመላኩ በፊት የሚቀሩት ፍተሻዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው አድራሻዎቹ ሁሉ በሌላ ሰው ስልክ መከፈታቸው ነው፤ በባለቤቱ ኮምፒዩተር የሚከፈት የግል ማከማቻ ለሌላው ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ነጥብ አንብቦ «ይህን የቡድኑ ሌላ አባልም ሊጽፈው ይችል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ነጥቡ እንደገና መጻፍ አለበት፤ አይደለም ከሆነ ይለፍ።