ረጅም ልብ ወለድ ለከበደው ልጅ

ለክቡር አዘጋጅ፤

የአሥራ አራት ዓመት የእኅቴ ልጅ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር አቶ ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ጀምሮ መግፋት ስለ ተሳነው፣ ምዕራፍ በምዕራፍ የምናደርገውን ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እጽፋለሁ።

በቅድሚያ ያሰናከለው የሰዎቹ ስም ነበር። ካሳ ዳምጤና ጉዱ ካሳ አንድ ሰው መሆናቸውን አላወቀም። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ቅጽል ስሙንና ከማን ጋር እንደሚዛመድ ይጽፋል፤ ወረቀቱም ከመጽሐፉ ውስጥ አይወጣም።

ማጠቃለያውን የሚጽፈው ምዕራፉን ካነበበ በኋላ ልጁ ራሱ ነው፤ ከሦስት ዐረፍተ ነገርም አይበልጥም። ማን ምን ፈለገ? ምን ከለከለው? በምዕራፉ መጨረሻ ምን ተለወጠ? ለምሳሌ ስለ በዛብህ ወላጆች የጻፈው እንዲህ ነው፦ «ውድነሽ ያገቧት ባሎች እየሞቱባት ሰው ፈራት። ቦጋለ ድኻ ስለ ሆነ ትዳር አልያዘም ነበር። ሁለቱ ተጋቡ፤ የወለዱትንም ልጅ ለእግዚአብሔር ተሳሉ።»

ጥያቄውን ግን እኔ አዘጋጃለሁ። አንዱን ከማንበቡ በፊት እሰጠዋለሁ፤ እያነበበ የሚፈልገው ነገር እንዲኖረው ነው። ሁለተኛው የኋላውን ምዕራፍ ከፊተኛው ያገናኛል። ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን ለጠየቁ ሁሉ እምቢ ማለታቸውን ባነበበ ጊዜ፣ «ይህ ነገር ከበዛብህ ወላጆች ስእለት ጋር በምን ይመሳሰላል?» አልሁት። ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «አንዱን ስእለት፣ ሌላይቱን የዘር ኩራት አሰራቸው፤ ሁለቱንም ያሰሯቸው ወላጆቻቸው ናቸው» አለኝ። ከዚህ ወዲያ በዛብህ ሰብለን ለማስተማር ወደ ፊታውራሪ ቤት ሲገባ ለምን እንደሚያስፈራ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

የጉዱ ካሳ ረጅም ንግግር ሲደርስ ብዙ ልጆች ገጹን ይዘላሉ። እኛ ለሁለት ቀን ከፍለን አነበብነው፤ «የሚነቅፈው ሰውን ነው ወይስ ሥርዓቱን?» የሚል ጥያቄም አስቀድሜ ሰጠሁት። መልሱን የያዘ፣ ኋላ ገበሬዎቹ በፊታውራሪ ላይ ሲነሡ ነገሩ ዱብ ዕዳ አይሆንበትም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሌላ ሰው የጻፈው ማጠቃለያ ከንባብ በፊት ከተሰጠ ልጁ መጽሐፉን ይተወዋል። ይህም በቀላሉ ይታወቃል፤ የሆነውን ነገር ይናገራል፤ «ስለ ምን ሆነ? ገጹን አሳየኝ» ሲሉት ግን ይጠፋዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ መቆጣት አይገባም፤ ያን ቦታ ብቻ አብሮ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል።

መጨረሻውን እስካሁን አልነገርሁትም፤ እዚህም አልጽፈውም፤ ጋዜጣውን እርሱም ያነባልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ