ትንሹ የሳታ መሰኪያ ለምን ይቀልጣል?

ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ክዳኑ ተከፍቶ የጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል እንበል። ባለቤቱ ማሽኑ እስኪነሳ መጠበቅ ሰልችቶት ባለ240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ገዝቶ መጥቷል። ጠጋኙ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጡትን ገመዶች አንድ በአንድ ሲያያቸው ለሳታ የሚሆኑት መሰኪያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ ሌላው ዲቪዲው ላይ ተሰክቷል። ትርፍ ሆኖ የተንጠለጠለው ባለአራት ቀዳዳው ትልቁ ነጭ መሰኪያ ነው፤ በተለምዶ ሞሌክስ የሚባለው። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ በአንድ ጫፉ ሞሌክስ፣ በሌላው ሳታ የሆነ አጭር አዳፕተር አለ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ ኮምፒውተሩም ያለ ችግር ይነሳል። የዚህ ዓይነቱ አዳፕተር ጣጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዴ በሳምንቱ፣ አንዳንዴ ከሁለት ዓመት በኋላ።

የኤስኤስዲው ጀርባ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መግቢያዎች አሉ። ሁለቱም ጫፋቸው ላይ ቀኝ ማዕዘን ሠርቶ የታጠፈ ቅርጽ ስላላቸው ገመዱን ገልብጦ መሰካት አይቻልም። ጠባቡ የዳታ ነው፤ 7 ፒን አለው። ከእነዚህ 4ቱ መረጃ ይዘው ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ፤ 3ቱ ደግሞ በመካከላቸው የተዘረጉ መሬት ናቸው። ሳታ እ.ኤ.አ. በ2003 ብቅ ሲል ያስወገደው ያንን እጅ የሚያህል ባለ40 ፒን ጠፍጣፋ ገመድ ነበርና፣ ብዙ ሰው አዲሱን ስልት የሚያስታውሰው በዚህ ቀጭን ገመድ ነው። የዳታው ገመድ እሳት አያስነሳም። የሚሄድበት ቮልቴጅ ከአንድ ቮልት በታች ነው፤ ቢበላሽ ዲስኩ ይዘገያል፣ ወይም ፋይል መቅዳት ይቋረጣል እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም።

ሰፊው መግቢያ የኃይል ነው፤ 15 ፒን አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

በድሮው ሞሌክስ ውስጥ 4 ወፋፍራም ፒኖች ብቻ አሉ። ቢጫው ሽቦ 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት ያመጣል፤ መሐል ያሉት ሁለት ጥቁሮች መሬት ናቸው። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሳታ መሰኪያ ላይ ግን ፒኖቹ በ1.27 ሚሊ ሜትር ርቀት ተደርድረዋል። ሦስቱ ለ3.3 ቮልት፣ ሦስቱ ለ5፣ ሦስቱ ለ12 ቮልት ተመድበዋል፤ በእያንዳንዱ ቡድን መካከል ሦስት ሦስት የመሬት መስመር ፒኖች ገብተዋል። አንድ ፒን እንዲሸከም የተፈቀደለት 1.5 አምፔር ስለሆነ ሦስቱ ተባብረው 4.5 አምፔር ያሳልፋሉ። ለአንድ ዲስክ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን 12 ቮልት የተሸከመው የመጀመሪያ ፒንና የመሬቱ ጎረቤቱ የሚለያዩት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ፕላስቲክ ነው። አዳፕተሩ በሰፊው ግቢ የኖሩትን ወፍራም ሽቦዎች ወደዚህ ጠባብ ሰፈር አምጥቶ ያስገባል።

ሽቦዎቹ ወደ ትንሹ መሰኪያ የሚገቡበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፤ የነገሩ ቁልፍም እዚሁ ላይ ነው። በአንደኛው አሠራር መሰኪያው ቀድሞ በጥንቃቄ ተሠርቶ ያልቃል፤ ፒኖቹ በየቀዳዳቸው ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ከዚያ ሽቦው ከላይ ተጭኖ ሲገባ ሹል የብረት ምላስ ልባሱን ቀድዶ መዳቡን ይነክሳል፤ ከጀርባ ክዳን ይደረግበታል። ፒኖቹን ከቦታቸው የሚያንቀሳቅስ ነገር የለም። በሁለተኛው አሠራር ሽቦዎቹ በፒኖቹ ጫፍ ላይ ይበየዱና የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ይፈስስባቸዋል፤ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር አንድ ድፍን ጓል ይሆናል። ትኩሱ ፕላስቲክ ሲገባ ሽቦዎቹን ገፋ ሊያደርጋቸው ይችላል። ከመዳቡ ክሮች አንዱ ተነጥሎ ወደ ጎረቤቱ ሊዘነበል ይችላል፤ በመሐሉም የአየር ኪስ ሊቀር ይችላል። ድፍኑ ጓል ሁሉንም ስለሚሸፍነው ገዢው ቀርቶ የፋብሪካው ተቆጣጣሪም ውስጡን አያይም።

እንዲህ ያለውን ድፍን መሰኪያ በስለት ሰንጥቆ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቢጫው ሽቦ በብየዳ ጠብታ ተጣብቋል፤ ጠብታው ካበጠ ጠርዙ ወደ ጥቁሩ ሽቦ ያዘነብላል። በመካከላቸው የቀረው ከጥፍር ውፍረት የማይበልጥ፣ ሙቀት ሲነካው የሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው።

አዳፕተሩ አዲስ እያለ ይህ ክፍተት ያግዳል። ቀስ በቀስ ግን ሙቀቱ ሲመላለስበት፣ ገመዱም ተጠምዝዞ ሲወጠር ፕላስቲኩ ይሸሻል። በ12 ቮልቱና በመሬቱ መካከል ጥቂት ኤሌክትሪክ ማምለጥ ሲጀምር ቦታው ይሞቃል፤ የሞቀው ፕላስቲክ ይከስላል፤ የከሰለው ደግሞ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። ብዙ ባለፈ ቁጥር ይበልጥ ይሞቃል፣ ይበልጥ በሞቀ ቁጥር የበለጠ ይከስላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው «ኤስኤስዲ የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ምንም አይሆንም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ይህ ዲስክ የሚጠቀመው 5 ቮልቱን ብቻ ነው፣ እሱንም ከጥቂት ዋት አያልፍም። ግን የሚቀልጠው መሰኪያ የሚቀልጠው ዲስኩ ብዙ ስለጎተተ አይደለም። ዲስኩ ባይፈልገውም 12 ቮልቱ ኮምፒውተሩ በርቶ እስካለ ድረስ መሰኪያው ውስጥ በሙሉ ኃይሉ ቆሟል። ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኘው ገና ወደ ዲስኩ ሳይደርስ ነው።

ሁለተኛው «ሾርት ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ያጠፋል» የሚለው ነው። ያጠፋል፤ ነገር ግን መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲገናኝ ነው። የፓወር ሰፕላዩ መለያ ላይ በ12 ቮልት 30 አምፔር ይሰጣል የሚል ተጽፏል እንበል። በከሰለው ፕላስቲክ በኩል 5 አምፔር ቢያመልጥ ለፓወር ሰፕላዩ ይህ ተራ ሥራ ነው፤ አንድ መካከለኛ የቪዲዮ ካርድ ከዚህ የሚበልጥ ይጠይቀዋል። 5 አምፔር በ12 ቮልት ሲባዛ ግን 60 ዋት ነው። ጠጋኞች ቆርቆሮ አቅልጠው ሽቦ የሚያያይዙበት ካውያ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዋት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ የፕላስቲክ ጓል ውስጥ ሲቀመጥ፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ጤነኛ መስሎት ሳያቋርጥ ሲመግበው፣ ጭስና ነበልባል ቢነሳ አያስገርምም። ጓሉ ሲቀልጥ 12 ቮልቱ 5 ቮልቱን ከነካ ደግሞ የዲስኩ ሰሌዳ ሊቃጠል ይችላል። ከሳታ ጋር የተጣመረው ሞሌክስ ፋይሎችን ይዞ ይሄዳል የሚል በእንግሊዝኛ ቤት የሚመታ አባባል በጠጋኞች ዘንድ የተለመደው ለዚህ ነው።

ከመቃጠሉ በፊት ምልክት የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ዲስኩ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። የተጋገረ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ ይወጣል። መሰኪያው ሽቦው በሚገባበት በኩል ቡናማ ይሆናል፣ ወይም በጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል። ጥፋቱ የዳታው ገመድ ይሁን የኃይሉ ለመለየት የዲስክ ጤና የሚያሳዩ እንደ CrystalDiskInfo ያሉ ፕሮግራሞች ይረዳሉ። UDMA CRC Error Count በሚለው መስመር ላይ ያለው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ የሚጠረጠረው የዳታው ገመድ ነው። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ Power Cycle Count የሚለው ከጨመረ ግን ዲስኩ ኃይል ተቋርጦበት ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ማሽኑን አጥፍቶ መሰኪያውን ነቅሎ ማየት እንጂ ፋይል መቅዳቱን መቀጠል አይገባም።

በቴስተር መለካትም ይቻላል። አዳፕተሩ ከሁለቱም ወገን ተነቅሎ በቢጫውና በጥቁሩ፣ በቀዩና በጥቁሩ፣ በቢጫውና በቀዩ መካከል ሲለካ ቴስተሩ መጮህ የለበትም። የጮኸ አዳፕተር ወዲያው ይጣላል። ያልጮኸ ግን ዛሬ አልተገናኘም ማለት ብቻ ነው፤ ፕላስቲኩ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚሆን ቴስተር አይናገርም። ለዚህ ዓይን ይሻላል። ሽቦዎቹ በድፍን ጓል ውስጥ ገብተው የሚጠፉ ከሆነ ያ የሚፈራው ዓይነት ነው። ከጀርባው ተነቃይ ክዳን ካለና ሽቦዎቹ በየመስመራቸው ቀጥ ብለው ገብተው የሚታዩ ከሆነ የተሻለው ዓይነት ነው። አዳፕተር የግድ ከሆነበት ሰው መፈለግ ያለበት ይህንን ነው።

አንዳንዶች ሞሌክስን አውቀው የሚመርጡበት ምክንያት አለ፤ እሱን ሳያነሱ ማለፍ አይገባም። ከውጭ ሳጥን ወጥተው የሚሸጡ አንዳንድ ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች በ3ኛው ፒን ላይ 3.3 ቮልት ሲያገኙ «ጥፋ» የተባሉ ያህል ሳይነሱ ይቀራሉ። ሞሌክስ 3.3 ቮልት ስለሌለው በአዳፕተር ሲሰኩ ይነሳሉ፤ ሰውም መድኃኒቱ አዳፕተሩ ነው ብሎ ይደመድማል። ለዚህ አደጋ መግባት አያስፈልግም። ሙቀት የሚችል ቀጭን ቴፕ ዲስኩ ላይ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፒኖች ቢሸፍን በጤነኛው የሳታ መሰኪያ ሥራውን ይሠራል።

ወደ ጠረጴዛው ስንመለስ የዚያ ቢሮ ኮምፒውተር መፍትሔ ሳንቲም አያስወጣም። ዲቪዲው ለዓመታት ዲስክ አልገባበትም። የእሱ የኃይል መሰኪያ ከፋብሪካ ጀምሮ የፓወር ሰፕላዩ አካል የሆነ የሳታ መሰኪያ ነው፤ ተነቅሎ ኤስኤስዲው ላይ ይሰካል፣ የዳታ ገመዱም እንዲሁ። ዲቪዲው የሚፈለግ ቢሆን ደግሞ አንዱን የሳታ መሰኪያ ለሁለት የሚከፍል፣ ክዳኑ ተነቃይ የሆነ ማከፋፈያ ይበቃል። ሃርድ ዲስኩ ሲነሳ ከ12 ቮልት የሚጎትተው ወደ 2 አምፔር ነው፣ ኤስኤስዲው ከዚያ መስመር ምንም አይወስድም፤ ሁለቱ ተደምረው ከ4.5ቱ አምፔር በታች ናቸው። የማይቻለው የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አምጥቶ መሰካት ነው። ተነቃይ ገመድ ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች በዲስኩ በኩል አንድ ዓይነት ቢመስሉም በሳጥኑ በኩል የሽቦዎቹ አደራደር ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ 5 ቮልት መሆን በነበረበት ቦታ 12 ገብቶ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ዲስክ ሊያቃጥል ይችላል።